የእቁብ አኒሜሽን ስክሪፕት፦ ተመልካቾቼን ያሳሳታቸው ሣጥን

ሠዓሊዋ (አራዳ፣ ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። የሰፈር እቁብ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ፣ ሰዎች በስልካቸው የሚያዩት የአራት ደቂቃ አኒሜሽን እየሠራሁ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። አሥራ ሁለት ጎረቤታሞች በየሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ደብሬ ቤት ተሰብስበው እያንዳንዳቸው 500 ብር ይጥላሉ፣ እጣ ይወጣል፣ ባለ እጣው 6,000 ብር ይዞ ይሄዳል፣ በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ዙሩ ያበቃል። ፊታቸውና ስማቸው የሚታወቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ በርበሬ የምትሸጠው እትዬ ደብሬ፣ ልብስ ሰፊው ጋሽ ዓለሙ እና ፀጉር ቤት መክፈት የምትፈልገው ሰላም። ዘጠኙ ባለ ቀለም ነጠላ የለበሱ ጥላዎች ሆነው ይታያሉ።

ገንዘቡን የምገልጽበት ዋና ምስል የእንጨት ሣጥን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ይጀምራል፣ ከዚያ ሳምንት በሳምንት ብሩ ከፍ እያለ ይሄዳል። የእርሳስ ንድፉን ለአምስት ጎረቤቶቼ ባሳየሁ ጊዜ ግን ያልጠበቅኩት ጥያቄ መጣ። አንዷ «ይህን ሁሉ ብር ሌሊት ማን ይጠብቀዋል?» አለች። ሌላው ወለዱ ስንት እንደሆነ ጠየቀ። እቁብ ጥለው የማያውቁ ሁለት ልጆች ደግሞ ሰላም ገንዘቧን የምታገኘው ሣጥኑ ሲሞላ እንደሆነ ተረድተው ሄዱ። ስክሪፕቱ ላይ ምን እንደተሳሳትኩ ይገባችሁ እንደሆነ ጻፉልኝ።

የድሮ ጸሐፊ

እኔ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የነጋዴዎች እቁብ ጸሐፊ ሆኜ አሥራ ሰባት ዓመት አገልግያለሁ፣ ስለዚህ ስሕተቱ ወዲያው ታየኝ። ስሕተቱ ሣጥኑ ነው። እቁብ የሚሞላ ሣጥን የለውም። ገንዘቡ እጣው በወጣበት ሰዓት ተቆጥሮ ከነሙሉው ለባለ እጣው ይሰጣል፣ ጠረጴዛው ላይ የሚቀረው የእኔ ደብተርና የቡናው ሲኒ ብቻ ነው። በደንብ የተመራ እቁብ ገንዘቡ አንድ ሌሊት እንኳ አያድርም፣ ካደረም የዳኛው እንቅልፍ ይጠፋል። ጎረቤትሽ ሌሊት ማን ይጠብቀዋል ብላ መጠየቋ ያየችው ሥዕል ባንክ ስለሆነ ነው።

ይህ የሥዕል ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሣጥን ስትሥዪ ለተመልካቹ የምትነግሪው «ሁላችንም እያጠራቀምን ነው» የሚል ነገር ነው። እቁብ ውስጥ ግን ዙሩ እስኪያበቃ ድረስ በማንኛውም እሑድ ከፊሉ ሰው አጠራቃሚ ሲሆን የቀረው ባለ ዕዳ ነው። እጣ የደረሰው ሰው ገና ያልጣለውን ገንዘብ ቀድሞ በልቷል። ያልደረሰው ደግሞ የጣለው ገንዘብ በሌላ ሰው እጅ ነው ያለው። ሣጥኑን አውጥተሽ በቦታው ማን ከማን ላይ እንዳለበት የሚያሳይ ነገር ብታስገቢ ወለድ የሚለው ጥያቄም ይቆማል፣ ምክንያቱም ሁሉም 6,000 ጥሎ 6,000 እንደሚወስድ በዓይን ይታያል።

ማራኪ ሰፈር

ከጋሼ ጋር ሣጥኑ ስሕተት ነው በሚለው እስማማለሁ። ነገር ግን ስክሪፕቱ ሊደብቀው የማይገባ አንድ እውነት አለ፣ እሱም በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ሰው ያለ ወለድ ብድር አገኘ፣ በመጨረሻው የደረሰው ደግሞ ከሰረ ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቼ ስለ አደጋው ስታስረዱ ጊዜውን ሁሉ በመጀመሪያው ባለ እጣ ላይ ብታውሉት ይሻላል እላለሁ። እሱ 500 ጥሎ 6,000 ይዞ ስለሄደ 5,500 ብር ይቀርበታል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ያን ያህል ዕዳ አይኖርበትም። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ አደጋው እየቀነሰ ስለሚሄድ ፊልሙ ዘና ሊል ይችላል።

የድሮ ጸሐፊ

ወንድሜ፣ ግማሹን በትክክል አይተኸዋል። በአንድ ሰው ላይ የሚኖረው ትልቁ ዕዳ የመጀመሪያው ባለ እጣ 5,500 ብር ነው። የእቁቡ አደጋ ግን የአንድ ሰው ዕዳ ሳይሆን የባለ ዕዳዎቹ ሁሉ ድምር ነው፣ እሱም ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ አይቀንስም፣ ይልቁንም እያደገ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ይወጣል።

በሠዓሊዋ ቁጥር እንሂድ። በሦስተኛው እሑድ ሦስት ሰው በልቷል፤ እያንዳንዱ 1,500 ጥሎ 6,000 ስለወሰደ 4,500 ይቀርበታል፣ የሦስቱ ድምር 13,500 ነው። በስድስተኛው እሑድ የበሉት ስድስት ናቸው፤ እያንዳንዱ 3,000 ይቀርበታል፣ ድምሩ 18,000 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነው መውረድ የሚጀምረው፦ በዘጠነኛው ተመልሶ 13,500፣ በአሥራ አንደኛው 5,500፣ በአሥራ ሁለተኛው ባዶ። እኔ በጸሐፊነቴ ጊዜ የዙሩ አጋማሽ ሲደርስ ቀሪ ያደረገ ሰው ቤት በዚያው ዕለት ማታ እሄድ ነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን እስከ ማክሰኞ እታገሥ ነበር። በመጀመሪያ ሰሞን አብዛኛው ሰው ገና እጣውን እየጠበቀ ስለሆነ ራሱ ተጠንቅቆ ይመጣል። አጋማሽ ላይ ግን የሚጠብቀው ነገር የሌለው ሰው ከሚጠብቀው ጋር እኩል ይሆናል።

መጨረሻ ላይ የደረሰው ከሰረ ስለተባለው ደግሞ፣ እሱ የጣለውን ሳይጎድል ወስዷል፤ ያጣው ጊዜ ነው። በአሥራ ሁለት ሳምንት ዙር ውስጥ ይህ ልዩነት ብዙም አይሰማም። ዓመት የሚፈጅ የወር እቁብ ላይ ግን የበርበሬው ዋጋ ሲጨምር 6,000ው ያው 6,000 ሆኖ ይደርሳልና ያኔ ልዩነቱ ይሰማል። ለዚህ ነው ትንንሽ ነጋዴዎች የሳምንቱን ዙር የሚመርጡት።

ባለ ሱቅ

እኛም ሰፈር በወር እየከፈልን ድንኳንና ወንበር ገዝተናል፣ ለቅሶ ሲሆን ሁሉም ይጠቀምበታል፤ አባል የሞተበት ቤት ብርም ይሰጠዋል። ይህንንም ፊልሙ ውስጥ ብታስገቡት ጥሩ ነው። የእኛ ሣጥን ግን በእርግጥ ይሞላል፣ ቁልፉም ሦስት ሰው ጋር ነው ያለው፤ ስለዚህ ሣጥኑን ለምን እንደምታወጡት አልገባኝም።

የድሮ ጸሐፊ

እርስዎ የሚያወሩት ስለ እድር ነው። እድር የሚጠባበቀው መቼ እንደሚመጣ የማይታወቀውን ሐዘን ስለሆነ ገንዘቡ ተቀምጦ መቆየት አለበት፤ ሣጥኑ እዚያ ቦታው ነው። ሠዓሊዋ የምትሠራው እቁብን ነው። ሁለቱን አንድ ፊልም ውስጥ ካስገባችው ልጆቹ ይበልጥ ይደናገራሉ።

ሠዓሊዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሌሊቱን በእርሳስ ስሞክር አድሬ አንድ ነገር አገኘሁ፣ ትክክል መሆኑን ይዩልኝ። ሣጥኑን ጥዬ ሰዎቹን ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ አቆምኳቸው። አንድ ቢጫ ሳንቲም 500 ብር ማለት ነው። ያልደረሰው ሰው ሳንቲም በጣለ ቁጥር ከእግሩ በታች ክምር ያድግና ሰውየው ከፍ ይላል። የደረሰው ሰው ደግሞ ከሥሩ መሬቱ ተቆፍሮ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ በየሳምንቱ አንድ ሳንቲም በጣለ ቁጥር ጉድጓዱ በአንድ ሳንቲም ይደፈናል።

በመጀመሪያው እሑድ ሰላም ደርሷት 11 ሳንቲም ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች፣ ሌሎቹ አሥራ አንዱ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሳንቲም ላይ ይቆማሉ። በስድስተኛው እሑድ ስድስት ሰው ስድስት ሳንቲም ያህል በወረደ ጉድጓድ ውስጥ፣ ስድስት ሰው ደግሞ ስድስት ሳንቲም በሆነ ክምር ላይ ናቸው። የተቆፈረው ሁልጊዜ ከተከመረው ጋር እኩል መጣልኝ፣ ሳልፈልገው። የመጨረሻው እሑድ ጋሽ ዓለሙ 11 ሳንቲም ላይ ቆሞ አሥራ ሁለተኛውን ይጥልና ሁሉንም ይወስዳል፤ ሜዳው ሙሉ በሙሉ ይለሰልሳል።

የድሮ ጸሐፊ

እንዲህ ያለውን ነገር በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ በደብተር ብቻ ስጽፍ ኖሬ አንድም ቀን አልታየኝም ነበር። ትክክል ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ እያንዳንዱን ሳምንት አታሳዪ። አንደኛውን፣ ሦስተኛውን፣ ስድስተኛውንና አሥራ ሁለተኛውን ብቻ በዝግታ አሳይተሽ ሌላውን በፍጥነት አሳልፊው። በስድስተኛው ላይ ግን ቢያንስ አሥር ሰከንድ ይቁም፣ ምክንያቱም ተመልካቹ ጉድጓዶቹን እየቆጠረ ነው።

የአዘዞ እናት

እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ፣ ምናልባት ስክሪፕቱ ውስጥ ይገባል። የእኛ እቁብ አሥር እጣ ነበረው፣ በሳምንት 1,000 ብር፣ የሚወጣው 10,000 ነው። እኔ ከአንዲት ጎረቤቴ ጋር ግማሽ ግማሽ እጣ ይዘን ስለነበር እያንዳንዳችን 500 እንጥል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ልጅ ደረሰው፤ ዋስ የሆነለት አጎቱ «እኔ አለሁለት» ብሎ በአፉ ተናገረ፣ ዳኛውም በዕድሜ ስለሚያከብራቸው ወረቀት አላስፈረመም። ልጁ እስከ ስድስተኛው ሳምንት እየጣለ ቆይቶ ከከተማው ጠፋ። አራት ሺህ ቀረበት።

የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ቀድመው የበሉት በየሳምንቱ ድርሻቸውን ጣሉ እንጂ ከኪሳቸው የጎደለ ነገር አልነበረም። ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ሳምንት የደረሰን ብቻ 9,000 እየወሰድን ወጣን። የእኛ እጣ በዘጠነኛው ወጣ፣ ለእያንዳንዳችን 5,000 መድረስ ሲገባው 4,500 ደረሰን። ያችን 500 ብር የልጄ ዩኒፎርም ብዬ ስለያዝኳት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። አራት ሺህው ለዘጠኙ እጣ ቢከፋፈል ግን እያንዳንዱ እጣ 444 ብር ገደማ ነበር የሚነካው፤ ዳኛው ግን «ቀድሞ የበላ አንድ ጊዜ በልቷል፣ አይመለስም» ብለው ዘጉት። አጎቱን ስንጠይቃቸው ምን ያህል ዋስ እንደሆኑ አላስታውስም አሉ።

የሕግ ተማሪ

እማ፣ አጎቱ የተናገሩት የሚያስገድዳቸው እንዳልነበረ መናገር ያሳዝነኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል፣ በአንቀጽ 1922 ደግሞ ዋሱ ተጠያቂ የሚሆንበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ አይኖረውም። ስለዚህ «ለእገሌ ዋስ ነኝ» ብቻ ብሎ መፈረምም አይበቃም። ወረቀቱ ላይ ቁጥር ያስፈልጋል።

ለፊልሙ የምመክረው ቁጥሩ ከባለ እጣው ጉድጓድ ጥልቀት ጋር እኩል እንዲሆን ነው። በሠዓሊዋ እቁብ ሰላም በመጀመሪያው ሳምንት ስትበላ የዋሷ ወረቀት ላይ የሚጻፈው 5,500 ብር ነው፤ በስድስተኛው ለሚደርሰው ግን 3,000 ብር ይበቃል። አሥራ ሁለተኛው ዋስ አያስፈልገውም። ይህ ነገር በምስል ሲታይ ዋስ የሚጠየቀው በመጠርጠር እንዳልሆነ ይገባል።

ማራኪ ሰፈር

ስለ አጠቃላዩ ድምር ያልኩትን አንሥቻለሁ፣ ጋሼ ትክክል ነዎት። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ብዙ ቦታ የመጀመሪያውን እጣ ዳኛው ይወስዳል፣ የሚጣል እጣ እንኳ የለም። ሠዓሊዋ ይህን ትታ ሁሉም በእጣ ነው ካለች ለተመልካቹ ውሸት መንገር አይሆንም?

የድሮ ጸሐፊ

እኛ ዘንድ ዳኛው የመጀመሪያውን ይወስድ ነበር። ምክንያቱ ሰውየው ዙሩን ሙሉ ሰዎች ቤት እየሄደ ስለሚለምን፣ ስለሚጣላና ስለሚያስታርቅ ለድካሙ ነው፣ ደመወዝ የለውምና። እውነቱን ለመናገር ይህ ልማድ አይስማማኝም። ዳኛው የመጀመሪያውን ከበላ ትልቁ ጉድጓድ ውስጥ ያለው እሱ ራሱ ነው፣ እና ለዳኛ ዋስ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። ሌሎች ግን ዳኛው ራሱ ካልቀደመ ማን ይቀድማል ይላሉ። ሁለቱም ወገን የራሱ አስተያየት አለው፤ አንቺ ከፈለግሽ ተራኪዋ «አንዳንድ እቁብ የመጀመሪያውን ለዳኛው ይሰጣል» ብላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትለፈው።

ሠዓሊዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ትዕይንት እንደ አዲስ ጽፌያቸዋለሁ፣ ከዚህ በታች አለ።

ሁለተኛ ትዕይንት። *ምስል፦* የእትዬ ደብሬ ቤት። ትንሽ ልጅ እጇን ስፌት ሙዳይ ውስጥ ትከታለች። የተጠቀለለው ወረቀት እንደ እህል ፍሬ ያንሳል፤ ጸሐፊው ወረቀቱን ሲፈታው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ይገፋል። *ጸሐፊው፦* «ሰላም!» *ምስል፦* አሥራ ሁለት ቢጫ ሳንቲሞች ከየሰዉ እጅ በረው ሰላም መዳፍ ላይ ይቆለላሉ። ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል። በዚያው ቅጽበት ከሰላም እግር ሥር መሬቱ ይወርዳል። *ተራኪ፦* «ሰላም 6,000 ብር አገኘች። ከዚህ ውስጥ የጣለችው 500 ነው። የቀረው 5,500 የጎረቤቶቿ ነው፣ በሚቀጥሉት አሥራ አንድ እሑዶች ትመልሰዋለች።» *ምስል፦* አጎቷ ከጉድጓዱ ጫፍ ቆሞ ወረቀት ይፈርማል፣ ወረቀቱ ላይ 5,500 ብር የሚል ጽሑፍ ጎልቶ ይታያል።

ሦስተኛ ትዕይንት። *ምስል፦* ስድስተኛው እሑድ፣ ስድስት ጉድጓድ፣ ስድስት ክምር። ካሜራው ከጎን ያያል። *ተራኪ፦* «ዛሬ የበሉትም ያልበሉትም ስድስት ስድስት ናቸው። ያልበሉት የጣሉት 18,000 ብር ሙሉ በሙሉ በበሉት እጅ ነው።» ድምፅ ይቆማል። ከስድስቱ ጉድጓዶች አንዱ ውስጥ የነበረው ሰው ወጥቶ ይሄዳል፤ ጉድጓዱ ሳይደፈን ክፍት ይቀራል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አልጻፍኩም። የአዘዞዋ እናት እንዳሉት የመጨረሻዎቹ ብቻ ይጎዱ ወይስ ጉዳቱ ለሁሉም ይከፋፈል፣ ይህን ፊልሙ መወሰን እንዳለበት አላውቅም።

የአዘዞ እናት

ልጄ፣ እንዲከፋፈል አድርጊው። ፊልሙን አይተው እቁብ የሚጀምሩ ሰዎች ከመጀመራቸው በፊት እንዲያስቡበት ይሁን። እኛ ሰው ከጠፋ በኋላ ነው መከራከር የጀመርነው።

የድሮ ጸሐፊ

እኔ ደግሞ አትወስኚው እላለሁ። ስድስቱ የበሉት ሰዎች እንደገና ከኪሳቸው እንዲያወጡ ካስገደድሽ ከሚቀጥለው ዙር ጀምሮ አይመጡም፤ ካላስገደድሽ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያሉት አይመጡም። እኔ ራሴ ሁለቱንም መንገድ ሞክሬ አይቻለሁ። በጀመሩበት ዕለት ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ሰው ቢጠፋ ጉድለቱ እንዲህ ይሸፈናል» ብሎ አስቀድሞ መጻፍ ነው ያዋጣኝ። ያንን ገጽ ለሁለት ሰከንድ አሳዪው።

ሠዓሊዋ

ገጹን አስገባዋለሁ። አንድ የመጨረሻ ነገር ብቻ ቀረኝ። ዛሬ ጠዋት አዲሱን ንድፍ ያን ጊዜ ሌሊት ማን ይጠብቀዋል ላለችው ጎረቤቴ ሳሳያት ስለ ጥበቃውም ስለ ወለዱም አልጠየቀችም። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ሰላምን ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ «ይህች ልጅ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ ለምን ትስቃለች?» አለችኝ። ፈገግታውን ላጥፋው ወይስ ልተወው?

የድሮ ጸሐፊ

ተዪው። እጅዋ ላይ 6,000 ብር አለ፤ ፀጉር ቤቱን ነው የምታየው። በሁለተኛው ሳምንት ሳንቲሟን ልትጥል ስትመጣ ግን ትንሽ ቀንሺው።